ድግግሞሹን አትቁረጡብኝ

«እዚህ ገጽ ላይ ያው ልመና አምስት ጊዜ ይመጣል። አንባቢ ይሰለቻል። አንዴ ሙሉውን ጻፊና ሌላውን ‹እንደ በፊቱ ለመነችው› ብለሽ እለፊው።» አንድ አርታኢ የተረት ትርጉሜ ጠርዝ ላይ የጻፈልኝ ማስታወሻ ነው።

አልቆረጥኩትም። ምክንያቴን በዚያው ተረት ላስረዳ።

ተረቱ በብዙ አገር ይነገራል። ተረት አጥኚዎች በዓለም አቀፍ ዝርዝራቸው ቁጥር 2034 ሰጥተውታል። ድመት የአይጥን ጅራት ነክሳ ትቆርጣለች። አይጥ ጅራቷን ብትለምናት «ወተት ካመጣሽ እመልስልሻለሁ» ትላለች። አይጥ ላም ዘንድ ትሄዳለች። ላም ሣር ትፈልጋለች። ሣር ያለው ገበሬ ሥጋ ይፈልጋል። ሥጋ ሻጩ ደግሞ ዳቦ ይፈልጋል። በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው ይሰጣታል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይፈታል። እኔ የተረጎምኩት ከእንግሊዝኛ ነው።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሰሚውን ይዞ የሚያቆየው ታሪኩ አይደለም። የልመናው ሰንሰለት ነው፤ በእያንዳንዱ በር ላይ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ልጁ ሁለተኛው በር ላይ ያዳምጣል። ሦስተኛው ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አራተኛው ላይ ከተራኪው ጋር እኩል ይላል። «እንደ በፊቱ ለመነችው» ካልነው ልጁ የሚገባበት ቦታ የለም።

ግን ድግግሞሹን ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ በአማርኛ እንዲደጋገም አድርጎ መጻፍ ሌላ። እኔም መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩት እዚህ ነበር።

በእንግሊዝኛው አይጥ መጀመሪያ ወተቱን ትጠይቃለች። ቀጥሎ ለምን እንደፈለገችው ትናገራለች። ጅራቷ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልመና፣ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ጅራቷ ላይ ያርፋል። ሰሚው የሚጠብቀው ማረፊያ እሱ ነው። እኔ በጥሩ የትምህርት ቤት አማርኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦

«ድመት ጅራቴን እንድትመልስልኝ ለድመት የምሰጣት ወተት እባክሽ ስጪኝ።»

ሰዋስዉ ልክ ነው። ተረቱ ግን ተገለበጠ። አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ምክንያቱ ሁሉ ወደ ፊት መጣ። ጅራቷ መነሻ ሆነች፣ ማረፊያው በየበሩ የሚለዋወጠው ዕቃ ሆነ። ገበሬው ዘንድ ስደርስ ዓረፍተ ነገሩ «እንድትመልስልኝ… እንድትሰጠኝ… የምሰጣት» እያለ ተንዛዛ። ጮክ ብዬ ሳነበው ትንፋሽ አጠረኝ። ለእኔ ዋናው ምልክት ይህ ነው። የሚነገር ተረት በአንድ ትንፋሽ ካልተባለ ትርጉሙ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

መፍትሔው እዚያው አማርኛው ውስጥ ነበር። ስንለምን እንዴት ነው የምንናገረው? «ስጪኝ፣ ልውሰድለት፣ ደስ ይበለው» እንላለን። አጫጭር ግሶችን እናሰልፋለን። «እንዲህ እንዲሆን» እያልን አንቋጥርም። ስለዚህ ፈታሁት፦

እመት ላም፣ ወተት ስጪኝ።
ወተቱን ለድመት ልስጣት፣ ጅራቴን ትመልስልኝ።

ቅደም ተከተሉ ተመለሰ፣ ጅራቷም ወደ ቦታዋ። ሰንሰለቱ ሲረዝም፣ ዳቦ ጋጋሪው በር ላይ፣ እንዲህ ይሆናል፦

አያ ጋጋሪ፣ ዳቦ ስጠኝ።
ዳቦውን ለሥጋ ሻጭ ልስጠው፣ ሥጋ ይስጠኝ።
ሥጋውን ለገበሬ ልስጠው፣ ሣር ይስጠኝ።
ሣሩን ለላም ልስጣት፣ ወተት ትስጠኝ።
ወተቱን ለድመት ልስጣት፣ ጅራቴን ትመልስልኝ።

አዲሱ መስመር ሁልጊዜ ከላይ ይገባል። ከሥሩ ያለው አይነካም። ልጁ የሚያውቀውን ይዞ እስከ መጨረሻው ይወርዳል።

አንድ ችግር ግን ቀረ። በእንግሊዝኛ «ስጠኝ» ለላምም ለገበሬም አንድ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ስጪኝ፣ ስጠኝ፣ ይስጡኝ አለ። ቃሉ በየበሩ ከተለወጠ ድግግሞሽ ነው ይባላል ወይ? ለሁሉም በአክብሮት «ይስጡኝ» ማለት ፈተነኝ። ልመና ስለሆነም ያስኬዳል። ሞከርኩት። «ልስጣቸው፣ ይስጡኝ፣ ልስጣቸው፣ ይስጡኝ» ሆነና ማን ለማን እንደሚሰጥ ጠፋ። ላሟን ከገበሬው የምትለየው ያቺ ትንሽ የጾታ ምልክት ነበረች። መለስኳት።

ልፋቱ የተካሰው ተረቱ ሲፈታ ነው። እዚያ ላይ ተራኪ ይፈጥናል። አማርኛ ሰጪውንም ተቀባዩንም በአንድ ግስ ውስጥ ስለሚያስገባ እንዲህ ማለት ቻልኩ፦

ዳቦ ሰጣት፣ ዳቦ ሰጠችው።
ሥጋ ሰጣት፣ ሥጋ ሰጠችው።

በየመስመሩ አራት ቃል ብቻ። እንግሊዝኛው እዚህ የሁሉንም ስም እየጠራ ነው የሚሄድ። እኛ ሳንጠራ ግልጽ ነው፤ አይጥ ሴት ናት፣ ሰዎቹ ወንዶች ናቸው። ላሟ ጋ ሲደረስ ግን ይህ ይቆማል። ሁለቱም ሴት ስለሆኑ «ወተት ሰጠቻት» ማን ለማን እንደሰጠች አይነግርም። አይጧን ወንድ ባደርጋት ደግሞ ሦስቱ ወንዶች ጋ ያው ድንግርግር ይመጣል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ስሞቹን መለስኩ፦

ሣር ሰጣት፣ ለላም ሰጠቻት።
ላም ወተት ሰጠቻት፣ ለድመት ሰጠቻት።
ድመትም ጅራቷን መለሰችላት።

ፍጥነቱ ትንሽ ይረግባል። ማረፊያው እየቀረበ ስለሆነ ከፋ አልልም።

በበሮቹ መካከል ያለችው የመንገድ ግጥም ሌላ ጣጣ አመጣች። በእንግሊዝኛው አይጧ ዘልላ፣ ሮጣ፣ ደርሳ፣ መናገር ትጀምራለች፤ ቤትም ይመታል። በአማርኛ ቤት ማስመታት እዚህ በጣም ቀላል ነው። ግሶቹ በሙሉ በ«ች» ያልቃሉ። ቀላል በመሆኑም ጆሮ አይቆጥረውም። እዚህ ላይ ልኩን የሚይዘው የድምፁ ቁጥር ነው። «ዘለለች ሮጠች፣ ላም ዘንድ ደረሰች» ብዬ አምስት በአምስት አገኘሁ። ደስ አለኝ። «ገበሬ ዘንድ ደረሰች» ስል ግን ሰባት ሆነና ተሰበረ። ስሙን ከግጥሙ አወጣሁት፦

ዘለለች ሮጠች፣ ሮጣ ደረሰች።
ገበሬው ዘንድ።

አሁን ግጥሟ አትለወጥም፤ ስሙ ብቻውን ከሥር ይቆማል። ከእሱ በፊት ያለችው ዝምታ ላይ ተራኪው «ማን ዘንድ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄውን እኔ አልጻፍኩትም፤ በምንጩ የለም። ቦታውን ብቻ ተውኩለት።

ይህ መስመር የመስበር ጉዳይ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዴኒስ ቴድሎክ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የዙኒ ሕዝብ ተረቶች በቴፕ ቀድቶ በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተመ። ተራኪው ዝም ባለበት ሁሉ መስመር ሰበረ። ድምፁ ከፍ ያለበትን በትልልቅ ፊደል ጻፈ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ሁለተኛውን መውሰድ አንችልም። የመጀመሪያውን ግን ማንም አይከለክለንም። ተረትን በደረቅ አንቀጽ አጭቆ ማተም የድግግሞሹን ግማሽ ሥራ ይገድላል። ዓይን ተደራራቢውን መስመር ካላየ ሰንሰለቱን አያየውም።

ሌላው አሜሪካዊ አጥኚ ዴል ሃይምስ ደግሞ የሌላ ነባር ሕዝብን፣ የቺኑክን፣ ተረቶች ሲመረምር፣ ሰዎች እንደ ትርፍ ቃል ያዩዋቸው እንደ «ከዚያ» ያሉ መነሻዎች የተረቱን ክፍሎች የሚለዩ ምልክቶች መሆናቸውን አሳየ። የእኛ «ከዚያማ» እና «ታዲያ»ም እንዲሁ ናቸው። ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው መጀመሪያ የሚጥላቸው እነሱን ነው። አንድ ጊዜ ሳይጥል በፊት የት የት እንደሚመጡ ቢያሰምርባቸው እመክራለሁ። አዲስ ቦታ ወይም አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ከታዩ፣ የበር መክፈቻ ናቸው።

ታዲያ ምንም አይቆረጥ ወይ? ይቆረጣል። በእንግሊዝኛው እያንዳንዱ ንግግር አጠገብ ያለውን «አለች» በሙሉ አላመጣሁም። ማንም ሰሚ አብሮ የሚለው ቃል አይደለም። እኔ የምለየው በዚህ ነው፦ ቃሉን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ምንም ካልጎደለኝ ይሄዳል። ሰሚው የሚገባበት ቦታ ከጠፋ ይመለሳል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ፈጽሞ አልደራደርም። ላም፣ ገበሬና ሥጋ ሻጭ የሚመልሱት መልስ አንድ ነው። እኔ ሦስቱንም ጊዜ «አልሰጥሽም፣ መጀመሪያ እንዲህ አምጪልኝ» አልኩ፤ የሚለወጠው የሚፈለገው ነገር ብቻ ነው። አርታኢው «አልሰጥሽም»፣ «አይሆንም»፣ «እምቢ» እያደረግሁ እንድቀያይር ጠይቆኝ ነበር። ቋንቋዬ የደኸየ እንዳይመስል ተጨንቆልኝ ነው፤ ይገባኛል። ሁላችንም ድርሰት ስንማር ቃል አትድገሙ ተብለናል። ግን ጋጋሪው በር ላይ ምን እንደሚሆን እዩ። ሦስት ጊዜ «አልሰጥሽም» የሰማ ጆሮ አራተኛውንም ይጠብቃል። ጋጋሪው ግን «እሰጥሻለሁ» ይላል። ተረቱ የሚዞረው በዚህች አንዲት ቃል ነው። ቀደም ያሉት መልሶች ሁሉ የተለያዩ ቢሆኑ ኖሮ ይህችም አንድ ተጨማሪ ልዩነት ሆና ታልፋለች። ማንም ልብ አይላትም።

ከእኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ስንሄድም ይኸው ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ይመለሳል። የላሟን በረት ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ተራኪውም ሰሚውም የማያውቁትን ከብት ያመጣል። ሥራው ጥሪና መልስ ነው፣ የሚመታ ድምፅ ነው። በስዋሂሊ «ፓኡኳ» ሲባል «ፓካዋ» ይመለሳል፤ በሄይቲ «ክሪክ» ሲባል «ክራክ»። ወደ ስዋሂሊ የሚተረጉም ሰው ያለውን ጥሪና መልስ ይጠቀም። ዝግጁ የሆነ በሌለበት ቋንቋ ቤት የሚመቱ ሁለት አጫጭር ቃላት ይፈልግ፤ በረቱ ይቅር።

ረቂቁን ከመላኬ በፊት ለእህቴ ልጆች አነበብኩላቸው። ገበሬው ዘንድ ስንደርስ ትንሿ «ጅራቴን ትመልስልኝ»ን ከእኔ ቀድማ አለችው። ጋጋሪው «እሰጥሻለሁ» ሲል ሁለቱም ዝም አሉ፤ ትልቁ «ሰጣት?» አለኝ። ለአርታኢው ከረቂቁ ጋር ይህንኑ ጻፍኩለት። አምስቱም ልመናዎች ታተሙ።