ሰዋስው ሲበላሽ ቋንቋው ይወቀሳል፣ አነጋገር ሲበላሽ ሰውየው

በአንድ ትልቅ የእንግሊዝ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በሠራተኞች ካፍቴሪያ ውስጥ፣ አዲስ የተቀጠሩ የሕንድና የፓኪስታን ሴቶች ምግብ ያድሉ ነበር። ተመጋቢዎቹ የጭነት ሠራተኞች «አኩራፊዎች ናቸው» አሏቸው፤ ተቆጣጣሪያቸውም ያንኑ ደገመ። ሴቶቹ ግን ከተመጋቢው ጋር የሚለዋወጡት ከጥቂት ቃላት አያልፍም። ጆን ጋምፐርዝ የተባለው የቋንቋ ምሁር ነገሩን ሲመረምር ጥፋቱን ያገኘው አንዲት ቃል ላይ ነው። ሥጋ የወሰደ ሰው ስጎ ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ እንግሊዛዊቷ አስተናጋጅ «ስጎ?» ብላ ድምፅዋን ወደ ላይ ታነሣለች። አዲሶቹ «ስጎ።» ብለው ወደ ታች ይጥሉታል። በእነሱ ልማድ እንዲህ ባለ ቦታ ጥያቄ የሚጠየቀው እንደዚያ ነው። ለእንግሊዛዊ ጆሮ ግን «ይኸው ስጎ» ብሎ ከማስታወቅ አያልፍም፤ የሚታየውን ነገር ማስታወቅ ደግሞ ብልግና ሆኖ ይሰማል።

ጄኒ ቶማስ የተባለች እንግሊዛዊት የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ጽሑፍ የዚህን ዓይነቱን ስሕተት ክፋት በደንብ አሳይታለች። ግሥ ያጣመመ ሰው «ቋንቋውን ገና እየተማረ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሰዋስው ሳያጎድል የአነጋገር ደንቡን የሳተ ሰው ግን ቋንቋ እንደጎደለው ማንም አይጠረጥርም፤ ባለጌ ነው ወይም ልቡ ክፉ ነው ይባላል። ቋንቋው ባማረ ቁጥር ይቅርታው ያንሳል ማለት ነው። አምስት ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ከአዲስ መጤው ይልቅ የሚቀየሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ሌላ አገር ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ምክር ታዲያ ሦስት ትእዛዝ ነው፦ ቀጥታ ተናገር፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየህ አውራ፣ የግል ነገር አትጠይቅ። እኔ ይህ ምክር ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል ባይ ነኝ።

«ፈረንጅ ቀጥተኛ ነው» ከሚለው እንጀምር። የትኛው ፈረንጅ? ጁሊያነ ሃውስ የተባለች ጀርመናዊት ምሁር የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን አነጋገር ለዓመታት ስታነጻጽር፣ ጀርመኖቹ ወደ ቀጥታው፣ እንግሊዞቹ ወደ ዙሪያው እንደሚያዘነብሉ ደጋግማ አግኝታለች። የጀርመን አለቃ «ይህ ተሳስቷል፣ አስተካክለው» ካለ፣ ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ ሰውየው አልተናገረም። የእንግሊዝ አለቃ ግን የራሱ ሰምና ወርቅ አለው።

አንድ አዲስ ሠራተኛ ሪፖርት አስገባ እንበል። ማክሰኞ እለት አለቃው «በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ምናልባት ሦስተኛውን ክፍል አንድ ጊዜ ብታየው» አለው። ሠራተኛው ምስጋናውን ሰማ፣ «ምናልባት»ንም ሰማ፤ አንድ ጊዜ አየውና ደኅና መሆኑን አረጋግጦ ተወው። ሐሙስ አለቃው ዞሮ መጣና «ያችን ሦስተኛ ክፍል ለማየት ጊዜ አግኝተህ ይሆን?» አለ። «አዎ፣ አይቻታለሁ» ብሎ በቅንነት መለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት መመሪያ እንደማይቀበል በጽሑፍ ደረሰው። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ታዟል፣ ሁለቱንም ጊዜ አልሰማም። አለቃው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተንቋል። ሰምና ወርቅ መፍታት ለኛ አዲስ አይደለም፤ ችግሩ «ቀጥተኛ ናቸው» ተብሎ የተነገረው ሰው እዚያ ወርቅ መፈለግን መተዉ ነው።

ትእዛዝን ከሐሳብ የሚለይበት ምልክት አለ። ሐሳብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ በደፈናው ይነሣል፣ ተመልሶም አይመጣም። የተለየ ገጽ ወይም ክፍል ተጠቅሶ፣ ሊያስተካክለው የሚችለውም ሰሚው ብቻ ከሆነ፣ «ምናልባት» ያለው ትሕትናውን እንጂ ግዴታውን አይለውጥም። ሁለተኛ ጊዜ ከተነሣማ ነገሩ አልቋል። የሚጠራጠር ሰው «እንግዲያው ሦስተኛውን ክፍል አስተካክዬ ነገ ልላክልህ?» ብሎ ይመልስ። ሐሳብ ብቻ ከነበረ «ኧረ አያስፈልግም» ይባላል። ትእዛዝ ከነበረ የአለቃው ፊት ይፈታል። ይህች አንድ ጥያቄ ማስጠንቀቂያውን ታስቀረው ነበር።

በተቃራኒው፣ «ቀጥታ ተናገር» የተባለው ሰው ለዚያው አለቃ «ሐሳብህ ስሕተት ነው» ይለዋል፤ በጀርመን ቢሮ እንደ ተራ የሥራ ንግግር ሊታለፍ የሚችለው ቃል እዚህ ጠብ ሆኖ ይቆጠራል።

የዓይን ነገርም እንዲሁ ነው። «ዓይን ዓይኑን እያየህ» የተባለ ሰው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይገባና ጠያቂውን ሳያርፍ ያፈጥበታል። ማፍጠጥ ግን በብዙ አገር እንደ ማስፈራራት ይቆጠራል። አዳም ኬንደን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲያወሩ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ተከታትሏል። ተናጋሪው ረዘም ያለ ንግግር ሲጀምር ዓይኑን ወዲያ ያነሣል፤ ሊጨርስ ሲቃረብ መልሶ ያያል፣ ያ እይታ «ተራው ያንተ ነው» ማለት ነው። በኋላ ማይክል አርጋይል ሲለካ፣ ሰው ሲያዳምጥ ከጊዜው ሦስት አራተኛ ያህሉን፣ ሲናገር ግን ወደ 40 በመቶ ብቻ ጓደኛውን ያያል። ስለዚህ በእንግሊዝ ዓይኑን የሰበረ ሰው የሚጎዳው ሲናገር ሳይሆን ሲያዳምጥና ንግግሩን ሲጨርስ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ መልሱን ሲያስብ ወደ ጠረጴዛው ማየቱ ምንም አይደለም፤ የመጨረሻዋን ቃል ወደ ጠረጴዛው ከተናገረ ግን ጠያቂው መጨረሱን ሳያውቅ ይጠብቃል፣ ዝምታው ይረዝማል፣ ሁለቱም ያፍራሉ። ይህም ልክ የእንግሊዝ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ንጽጽር ጃፓኖች በቀጥታ የሚያያቸውን ፊት ፊንላንዳውያን ካዩት ይልቅ የተቆጣና ለመቅረብ የሚያስቸግር አድርገው ገምተውታል።

ስለ ግል ጥያቄ ብዙ አልልም። «አትጠይቅ» የሚለው ምክር ሰውን ብቸኛ ያደርጋል፤ የማይጠይቅ ባልደረባ እንደማይፈልጋቸው ይቆጥሩታል። ከመጠየቅ በፊት ከራስ ማካፈል ይሻላል፦ «ልጄ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም» ያለ ሰው በሩን ከፍቷል፤ ልጅ ያለው ይገባበታል፣ የሌለው ወይም ሊያወራው የማይፈልግ ስቆ ያልፋል። መልሱ አጭር ሆኖ «አንተስ?» ካልተከተለው፣ ርእሱ ተዘግቷል። ይህ ለእኩያ ነው። አለቃ የሆነ ወይም ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ግን ሌላ አጥር አለበት። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ ቀጣሪ ሥራውን ከመስጠቱ በፊት ስለ አመልካቹ ጤና እንዳይጠይቅ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ይከለክላል። ልጅ ስለመውለድ በአዘኔታ የተጠየቀ ጥያቄም በኋላ የአድልዎ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ወደ ካፍቴሪያው ልመለስ። ጋምፐርዝ የተቀዳውን ድምፅ ያሰማው ለሴቶቹ ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ ለምን እንደሚጠሉ ሲገባቸው፣ ተቆጣጣሪዎቹም ያ የወደቀ ድምፅ ንቀት እንዳልሆነ ተረዱ። ዛሬ ለመጤዎች የሚሰጠው ሥልጠና ይህን ሁለተኛ ግማሽ ይዘለዋል፤ መጤው ብቻ ተቀምጦ ይማራል፣ አለቃው «ምናልባት ብታየው» እያለ ይቀጥላል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለአለቆቹ እሰጥ ነበር፤ ትምህርቱም አንድ ነው፦ ሦስተኛው ክፍል እንዲስተካከል ከፈለጋችሁ «አስተካክለው» በሉ፣ ቀኑንም ንገሩት።