«በርቺ» ሰላምታ አይደለም

ወገኖቼ፣ የዛሬው ወቀሳዬ ሰላምታ ለሚነፍጉ አይደለም። ሾፌሩን እንዳላየ የሚያልፍ፣ የቤት ሠራተኛዋን በጣቱ የሚጠራ ሰው ጥፋቱን ራሱም ያውቀዋል። ወቀሳዬ ሰላም እያልን፣ ፈገግ እያልን፣ ደግ የሆንን እየመሰለን ሰውን ዝቅ ለምናደርግ ለእኛ ነው። ይህንን የምናገረው ራሴ ሳደርገው ስለኖርኩ ነው።

በምሠራበት ሕንጻ ኮሪደሩን በየማለዳው የሚወለውሉ አንዲት ሴት አሉ። በእድሜ ቢበልጡኝ ጥቂት ዓመት ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ባለፍኩ ቁጥር «እንዴት አደርሽ እናቴ፣ በርቺ!» እላቸው ነበር። እርሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ሲሉኝ እኔ የቢሮዬን በር እየከፈትኩ ነው። አንድ ማለዳ ቁልፌ ጠፍቶኝ ኪሴን እየፈተሽኩ ስቆም፣ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «እናቴ የሚሉኝ ልጆቼ ናቸው። እርስዎ ስሜን ያውቁታል?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ለማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። አላውቀውም ነበር። እዚያው ፎቅ ላይ የምትሠራውን እኩያቸውን የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ግን «ወይዘሮ» ብዬ፣ ስሟን ጠርቼ፣ በ«እርስዎ» ነበር የማናግራት።

ያቺን አጭር ሰላምታዬን ቃል በቃል አብረን እንያት፤ በየቤቱና በየቢሮው የምትነገረው እርሷው ናትና።

«አንቺ» የሚለው ቃል በራሱ ስድብ አይደለም። እናቴን «አንቺ» እላታለሁ፤ እርሷም «አንተ» ትለኛለች። ጉዳቱ ያለው የተሰጠው ቃል ተመልሶ በማይመጣበት ቦታ ነው። ሮጀር ብራውን እና አልበርት ጊልማን የተባሉ ምሁራን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ባወጡት ጥናት የአውሮፓ ቋንቋዎችን ይዘው ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ሁለት ሰዎች አንዱን ቃል ሲለዋወጡ መቀራረባቸውን ወይም መከባበራቸውን ይናገራሉ፤ አንዱ «አንተ» ብሎ «እርስዎ» ሲቀበል ግን የበላይና የበታች መሆናቸውን ይናገራሉ። እኔ በየማለዳው «አንቺ» ሰጥቼ «እርስዎ» እቀበል ነበር። «እናቴ» ማለቴ ይህን አላስተካከለውም። የልጅነትን ድፍረት ተበድሬ፣ የልጅነትን ታዛዥነት ሳልከፍል ቀረሁ እንጂ።

«በርቺ»ስ? ይህን ቃል ለአለቃችሁ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዋና ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ላይ አጎንብሶ ስታገኙት «በርታ ጎበዝ» ብላችሁ ታልፋላችሁ? አትሉም። «በርቺ»፣ «ጎበዝ»፣ «የኔ ቆንጆ» ከላይ ሆነው ወደ ታች የሚወርዱ ቃላት ናቸው። የሚሰጣቸው ሰው የሌላውን ሥራ የመመዘን ሥልጣን ለራሱ ወስዷል። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ያን ማለዳ ከእናንተ የምትጠብቀው ሰላምታ እንጂ ውጤት አይደለም።

ከቃላቱ ሁሉ የከፋው ግን አለመቆሜ ነበር። የእኛ ሰላምታ ሁለት ጉዞ አለው፤ እጠይቃለሁ፣ ይመለስልኛል፣ መልሼ እጠየቃለሁ፣ እመልሳለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ተጉዤ እሄድ ነበር። «እርስዎስ?» የሚለው ጥያቄያቸው ባዶ ኮሪደር ላይ ሲቀር፣ መጠየቅ የእኔ፣ መጠየቅን መቀበል የእርሳቸው ድርሻ ብቻ ሆነ። ሰላምታችሁ እኩል መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሌላ መለኪያ አትፈልጉ። ትናንት ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለሾፌሩ «እኔም ደህና ነኝ» ብላችሁ መልሳችኋል? ካላስታወሳችሁ አልመለሳችሁም።

በማግስቱ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ ማን ልበልዎት?» አልኩ። ነገሩኝ። የእኔን ልነግራቸው ስል አስቀድመው ያውቁት ኖሯል፤ በራችን ላይ ያለውን የስም ሰሌዳ በየቀኑ የሚወለውሉት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ እነግራችኋለሁ። የበደልኩትን ለማካካስ ወሬ አበዛሁ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ ቤት ኪራያቸው ጠየቅሁ። ባልዲውን እያዩ አጭር አጭር መለሱልኝ። እርሳቸው የእኔን ደመወዝ ሊጠይቁኝ አይችሉም፤ እኔ ግን ኪራያቸውን ጠየቅሁ። ደግሞም ሠራተኛው ሳይገባ ወለሉ መድረቅ አለበት፤ የእኔ ወዳጅነት የእርሳቸውን ሰዓት ይበላ ነበር። ሰው መልሶ ሊጠይቀን የማይችለውን ነገር ሰላምታ አስመስለን አንጠይቅ። ቆም ብሎ ሰላም መባባል፣ እጃቸው እርጥብ ሆኖ ክንዳቸውን ቢዘረጉ ሳይጸየፉ መጨበጥ፣ ከዚያም ሥራቸውን እንዲሠሩ መተው ይበቃል። ወሬው ከእነርሱ ከመጣ ያን ጊዜ ጊዜ ይኑራችሁ።

ወጣት የቤት ሠራተኛ ያለቻችሁ ደግሞ «ታዲያ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እርስዎ ልበላት?» ትሉኛላችሁ። አይደለም፤ ፌዝ ይመስልባታል። «አንቺም አንቺ በይኝ» ብላችሁም አታስጨንቋት። ያ ነጻነት የሚመስል ትእዛዝ ነው፤ አፏ አይደፍረውም፣ እምቢ ማለትም አትችልም። ለእርሷ እኩልነቱ ያለው በስሟ መጠራቷ ላይ፣ ከሌሎች ቀጥላ ሳይሆን ከሌሎች ጋር ሰላም መባሏ ላይ ነው። በተለይ «እንዴት አደርሽ» ስትሏት ትእዛዙን ወዲያው አታስከትሉበት። «እንዴት አደርሽ፣ ሸሚዜን ተኮስሽው?» ሰላምታ አይደለም፤ የትእዛዙ መግቢያ ነው። ሰላም በሏት፣ መልሷን ስሙ፣ ሸሚዙ ትንሽ ይቆይ። ከቸኮላችሁም ሸሚዙን በቀጥታ ጠይቋት፤ ሰላምታን የትእዛዝ ማጣፈጫ ከማድረግ እርሱ ይሻላል። እንግዳ ፊትም «ልጅቷ ታምጣልህ» አትበሉ። ቆማ እየሰማች ነው።

ስለ ሾፌር የምለው ጥቂት ነው። መኪናው ውስጥ ገብታችሁ፣ ስልካችሁን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በመስታወቱ ውስጥ አንገት መነቅነቅ ሰላምታ አይሆንም። ስልኩን ከመደወላችሁ በፊት ሰላም በሉት። ከዚያ ዝም ማለት ከፈለገ ዝም ይበል፤ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፤ እናንተን ማጫወት የሥራው አካል አይደለም። ከሰው ጋር ስታገናኙት «ሾፌሬ ነው» ከማለታችሁ በፊት ስሙን ጥሩ። የጨበጣችሁት ሰው እርሱንም እንዲጨብጥ የሚያደርገው ያ ስም ነው፤ ስም ካልጠራችሁ እንግዳው እጁን አጥፎ ያልፈዋል፣ እናንተም አስለምዳችሁታል።

ወደ እኒያ ሴት ልመለስ። አሁን የምንለዋወጠው አጭር ነው፤ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፣ «እርስዎ» እንባባላለን፣ መልሳቸውን ሰምቼ መልሴን ሰጥቼ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ገና ሰላም ስንባባል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና «ዛሬ አልደረቀም፣ በዚያ በኩል ይዙሩ» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እርጥቡን ወለል ረግጬ ሳልፍ ዱካዬን ከኋላዬ ዝም ብለው ሲወለውሉት ኖረዋል። ዞርኩ።