ማስተካከያ፦ የላም ደረት ክብ አይደለም

«የላምና የፍየል ክብደት ከፎቶ ስለመገመት በጻፋችሁት መሠረት የላሜን ፎቶ ለክቼ 537 ኪሎ አገኘሁ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን 360 ሆነች። ምን አጠፋሁ?»

ጥፋቱ የእኔ ነው። የደረቷን ዙሪያ ለማግኘት በፎቶው ላይ የሚታየውን የደረት ጥልቀት፣ ማለትም ከጀርባዋ እስከ ደረቷ ሥር ያለውን ቁመት፣ በ3.14 አባዙት ብዬ ነበር። ይህ የሚሠራው ደረቷ እንደ በርሜል ክብ ቢሆን ነው። የላምም የፍየልም ደረት ግን ከጎን ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ የሆነ ሞላላ ነው።

ስለዚህ ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎን፣ ሌላው ከላይ። ከላይኛው ፎቶ ከፊት እግሮቿ ጀርባ ያለውን ስፋት ይለኩ። ጥልቀቱንና ስፋቱን ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፤ ከዚያ በ3.14 ያባዙ። የእርስዎ ላም ጥልቀቷ 65፣ ስፋቷ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 204 ሳይሆን 165 ይሆናል። ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ያለው ርዝመት 140 ከሆነ፣ ዙሪያው በራሱና በርዝመቱ ተባዝቶ ለቋሚው ቁጥር 10840 ሲካፈል ክብደቷን በኪሎ ይሰጣል፦

```
165 × 165 × 140 ÷ 10840 = 352
```

ዙሪያው በራሱ ስለሚባዛ የአምስት በመቶ ስህተት ክብደቱን በአሥር በመቶ ያዛባል። ሻኛ ያላትን ላም ጥልቀት ከሻኛው ኋላ ይለኩ፤ ሻኛው ከገባ ኪሎው ያብጣል። በፎቶው ውስጥ ለማነጻጸሪያ የሚቆመው ርዝመቱ የታወቀ ዱላም ከጎኗ ተጠግቶ ይቁም። ወደ ካሜራው ከቀረበ ረዝሞ ስለሚታይ ላሟን ያሳንሳታል። የፍየል ጠጉር ረጅም ከሆነ ደግሞ ፎቶውን ትተው ጠጉሩን በሜትር ጨምቀው የደረቱን ዙሪያ ይለኩ። ለመድኃኒት መጠን ከሆነ ግን በፎቶ ግምት ብቻ አይመኑ፤ ሜትር ወይም ሚዛን ይጠቀሙ።