ሞልቶ ለሚታይ መደርደሪያ የቀረበ ውዳሴ

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከገባባት ጀምሮ ድሬዳዋ ሸቀጥን ተቀብላ ወደ መሀል አገር በማሳለፍ ስሟ ተተክሏል። ዛሬ ግን ከነጋዴዎቻችን መካከል ከዚህ የላቀ ጥበብ ላይ የደረሱ አሉ። እነርሱ ሸቀጥን ተቀብለው አያሳልፉም፤ ያኖራሉ። ጎረቤታችን ሐረር ጁገሏን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ለማስመዝገብ እስከ 1998 ዓ.ም. ጠብቃለች፤ የእኛዎቹ ባለመደብሮች ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ከጣሪያ በታች ያለውን ሁሉ ወደ ቅርስነት እያሸጋገሩ ነው። ይህን ትዕግሥት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ምስጋናዬ በአየር ላይ እንዳይቀር መጋላ ውስጥ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር እናስብ። የሚያውቁት መደብር ከመሰለዎት አይፍረዱብኝ፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ባለቤቱ መርካቶ ወርደው ወርቃማ የበር እጀታ ያያሉ። የአንዱ ዋጋ 1,200 ብር ነው፤ 150 ለሚወስድ ግን ጅምላ ሻጩ ከመቶ አሥር ይቀንሳል። ደካማ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ «በወር ስንት እሸጣለሁ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእኛ ጀግና ግን እንዲህ ባለው ጥቃቅን ነገር ራሳቸውን አያደክሙም። 162,000 ብር ከፍለው፣ 18,000 ብር «አትርፈው»፣ ገና አንድም እጀታ ሳይሸጡ በደስታ ወደ ድሬ ይመለሳሉ።

እጀታው በወር ሦስት ይሸጣል። ስለዚህ ክምችቱ የሚያልቀው በ50 ወር፣ ማለትም ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ብሩ ጥቂት በጥቂት እየተመለሰ ስለሚሄድ በዚህ ጊዜ ሁሉ መደርደሪያው ላይ የሚተኛው በአማካይ የክፍያው ግማሽ፣ 81,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በዓመት ከመቶ 16 ወለድ ከሚከፈልበት ብድር የመጣ ነው ብንል፣ በ50 ወር 54,000 ብር ወለድ ይበላል። የተገኘው ቅናሽ 18,000 ብር፣ ለማኖር የተከፈለው ሦስት እጥፍ። እጀታውን ጥቂት በጥቂት በ1,200 ብር ቢገዙ ኖሮ ወለዱ እዚህ ግባ የማይባል ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ መደርደሪያው ሳስቶ ይታያል፣ ጎረቤትም ምን ይላል?

የዚህን ገድል ሙሉ ውበት የሚያውቅ ግን በሩ አጠገብ የቆመው ተቀጣሪ ልጅ ነው። ያ መደብር በቀን 20 አምፖል ይሸጣል፤ አንዱን በ150 ብር ገዝቶ በ180 ብር። አምፖል ተራ ነገር ነውና እንደ ወርቃማ እጀታ ክብር የለውም። ልጁ «ጋሼ፣ አምፖል አልቋል» ይላል። ጋሼም «እቃ ሞልቶ አንተ የምታየው የጎደለውን ብቻ ነው!» ብለው ይቆጡታል። ነገሩ እውነት ነው፤ እቃ ሞልቷል፣ ብር ግን የለም። አምፖሉ ለአሥር ቀን በጠፋ ጊዜ የሚቀረው ትርፍ 6,000 ብር ነው። ይህ የሚታየው ሒሳብ ነው። የማይታየው ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ እርሱ አምፖል፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያና ሽቦ በአንድ ወረቀት ጽፎ ስለሚመጣ፣ አምፖሉን ካጣ ወረቀቱን ይዞ ሙሉውን ከሚቀጥለው ሱቅ ይገዛል። ወርቃማ እጀታ ፍለጋ የመጣ ሰው ሌላውን እቃ ይዞ ሲወጣ ግን አላየሁም።

በዚህ ጊዜ አንድ ብልህ ነጋዴ ተነሥቶ «ብር ይወድቃል፣ እቃ አይወድቅም» ይለኛል። በዚህ ላይ ልቀልድ አልደፍርም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የገባ እቃ በእጁ የነበረ ሰው ማሸነፉን ሁላችንም አይተናል። ሆኖም ያ ሰው ያሸነፈው ዋጋው ከፍ ባለበት እቃ ላይ ገዢ ስላገኘ ነው። እጀታው 1,200 የነበረው 2,000 ቢባልም፣ በወር ሦስት ከሚወስዱት አንዱ በዋጋው ምክንያት ይቀራል እንጂ አራተኛ ገዢ አይጨመርም። ዋጋ ይንራል ብሎ የሚፈራ ሰው አምፖሉን፣ ሽቦውን፣ ቧንቧውን አብዝቶ ቢገዛ ፍርሃቱ ያተርፍለታል፤ በፈለገበት ቀን ወደ ብር ይቀይረዋልና። የእኛ ጀግኖች ግን ከኑሮ ውድነት የሚሸሸጉት ማንም በማይፈልገው እቃ ሥር ነው። ከእቃዎቹም አንዳንዶቹ አብረዋቸው አይቆዩም፤ የሲሊኮን ማጣበቂያ በድሬ ሙቀት ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይጠነክራል፣ ዋጋ መጨመሩንም ሳይሰማ ያልፋል።

አሁን ደግሞ የዚህ ባህል ጠላቶች ስለሚያስተምሩት ነገር ላስጠንቅቅ። «የማዘዣ ልክ» የሚሉት አደገኛ ትምህርት አላቸው። አደጋው የሚጀምረው ቀላል በመሆኑ ነው፤ ማንም ሰው፣ ያ በር ላይ የቆመው ልጅ እንኳ፣ በእርሳስ ሊሠራው ይችላል። አምፖሉ በቀን 20 ይሸጣል፤ ከአዲስ አበባ ታዞ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ሳለ 100 አምፖል ይሸጣል ማለት ነው። መኪና ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ስምንት ቀን የፈጀበት ጊዜ ስላለ፣ ለሦስቱ ተጨማሪ ቀናት 60 መጠባበቂያ ይያዛል። ድምሩ 160 ነው። ክምችቱ 160 ሲደርስ በዚያው ቀን ይታዘዛል፤ ከ160 በላይ ሳለ ግን ጅምላ ሻጩ ምን ቢያቆላምጥ አይታዘዝም። የሚታዘዘው መጠን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እጅ ላይ ያለው ብርና የመኪናው ኪራይ ይወስኑታል፤ የሁለት ሳምንት ሽያጭ፣ 280 አምፖል፣ ለዚህ ሱቅ ይበቃል።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ፤ መዝገብ እንኳ ሳይያዝ ሊሠራ ይችላል። 160ውን አምፖል በካርቶን አሽገው፣ ቀይ ፕላስተር አጣብቀው ከኋላ ያስቀምጡታል። ፊት ያለው አልቆ የታሸገው የተከፈተበት ቀን ስልክ የሚደወልበት ቀን ነው። አዲሱ እቃ ሲገባ በቅድሚያ 160ው ተሞልቶ እንደገና ይታሸጋል። እስቲ አስቡት፤ በዚህ አሠራር ባለቤቱ «ልቤ ያውቀዋል» የሚሉበት አንድም ቦታ አይቀርላቸውም። የአርባ ዓመት ልምድ በአንድ ቁራጭ ፕላስተር ሲተካ ዝም ብለን እንመልከት?

ደግነቱ ልምዳችን ይህንንም ለማበላሸት አቅም አለው። የታሸገው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን መደርደሪያው ሲሳሳ የሚያዩ ባለቤት፣ የታዘዘው 280 አዋሽ ላይ መሆኑን ረስተው ሌላ 280 ያዛሉ፤ ፈጣኑ እቃም በዚህ መንገድ የዝግተኛውን ማዕረግ ያገኛል። የማዘዣው ልክ የሚነጻጸረው መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለው ተደምሮ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በካርቶኑ ላይ የታዘዘበትን ቀን መጻፍ ይበቃል። ቬንትሌተርን በተመለከተ ያለው ብልሃት ሌላ ነው። በኅዳር ቅዝቃዜ የተሰላውን ልክ እስከ ግንቦት ሳይነኩ ማቆየት ነው፤ ከተማው በላብ ሲታጠብ ሱቁ ባዶ ይሆናል፣ እጥረቱ ያስደነገጣቸው ባለቤት በነሐሴ አብዝተው ይገዛሉ፣ ቬንትሌተሩም ቀዝቃዛውን ወራት ሁሉ ከእጀታው ጎን ያርፋል። የቀን ሽያጩ ሲቀየር ልኩም ይቀየራል የሚሉት እነዚያ የእርሳስ ሰዎች ናቸው።

ወርቃማውን እጀታ በዚህ ሚዛን ቢያስቀምጡትማ አወይ ውርደቱ! በወር ሦስት የሚሸጥ እቃ በስምንት ቀን አንድ እንኳ መሸጡ ያጠራጥራል። ስለዚህ የማዘዣ ልኩ ሁለት ነው፤ ሁለት ሲቀር ሦስት ወይም አራት ይታዘዛል፣ ከሌላ እቃ ጋር ተጭኖም ይመጣል። ከዚያም ያነሰ የሚሸጠውን ደግሞ ናሙናውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ፈላጊ ሲመጣ ቀብድ ተቀብሎ ማዘዝ ይቻላል። 150 ተደርድሮ የነበረ ጌታ እቃ፣ እንደ ሥዕል አንዱ ብቻ ተሰቅሎ ሲቀር!

የጀግናችን ክብር በተለይ የታየው እጀታው በገባ በሁለተኛው ወር ነው። ስድስት ተሸጦ 144 ቀርቷል። ሳቢያን አካባቢ ቤት የሚሠራ አንድ ተቋራጭ መጥቶ «አባባ፣ ሁሉንም በዘጠኝ መቶ ዘጠኝ መቶ ልውሰደው፤ ገንዘቡ ይኸው» አላቸው። የተገዛው በ1,080 ነውና በእያንዳንዱ 180 ብር፣ በጠቅላላው 25,920 ብር ይከስራሉ። አንድ ክብር የሌለው ሰው ቢሆን ይህን ያስባል፦ 129,600 ብር ጥሬ ገንዘብ ይገባል፤ በእርሱ 864 አምፖል ይገዛል፤ ብር ጠፍቶ ባዶውን የከረመው የአምፖል መደርደሪያ ይሞላል፤ 864ቱ በ43 ቀን ገደማ ያልቃል፣ በእያንዳንዱም 30 ብር ይተርፋል። ትርፉ ሲደመር 25,920 ብር። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ኪሳራው እስከ መጨረሻዋ ብር ተመልሶ፣ 129,600ው ደግሞ ለሚቀጥለው ጭነት በእጅ አለ። ሒሳቡ የሚያዋጣው አምፖሉ የጠፋው በብር እጦት ከሆነ ብቻ ነው፤ በዚህ ሱቅ ደግሞ ሌላ ምክንያት አልነበረም።

ባለቤቱ ግን «ከገዛሁበት በታች ሸጬ አላውቅም» ብለው ተቋራጩን በሻይ ሸኙት። የሰኔ 30 ቆጠራ ሲደርስ እጀታዎቹ በሙሉ ዋጋቸው በሀብት ዓምድ ተጻፉ። ያልተሸጠ እቃ እንደ ዓመቱ ወጪ ተቆጥሮ ከገቢ አይቀነስምና በዚያ ዓመት መደብሩ በወረቀት ላይ አትራፊ ሆነ፤ ባለቤቱም የትርፉን ግብር ለመክፈል ከዕቁብ ተበደሩ።