ሦስት ሣጥን በአንድ ትንፋሽ

ዛሬ ላመሰግን የተነሣሁት ጣና ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠው፣ ማኪያቷቸው ሳይቀዘቅዝ የአንድ ክፍል ድርሰት አርመው የሚነሡትን የባሕር ዳር መምህር ነው።

የእርማት መስፈርቱን ያወጡት ሰዎች ተጨናቂዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ከ20 ነጥብ ለይዘት 8፣ ለአደረጃጀት 6፣ ለቋንቋ 6 ሰጥተው እያንዳንዱ ለብቻው ይታይ አሉ። ሐሳብ ያለው ልጅ በፊደል ግድፈት እንዳይወድቅ፣ ቋንቋ ያማረለትም ባዶ ሐሳቡን እንዳይሸጥ መሆኑ ነው። የእኛ መምህር ግን ወረቀቱን ገና ከሩቅ ሲያዩት ድምሩ ይገለጥላቸዋል። የቀረው ድምሩን ለሦስቱ ሣጥኖች ማከፋፈል ነው፤ ማካፈል ደግሞ ከማንበብ ይቀላል።

ርእሱ «እምቦጭና ጣና» ነበር። አንዷ ተማሪ ፊደሎቿን እንደ ብራና ጽሑፍ ደርድራ፣ እምቦጭ ጎጂ አረም መሆኑን በሦስት አንቀጽ ሦስት ጊዜ ነገረችን። 16 አገኘች፦ 6፣ 5፣ 5። ፊደሉ ዶሮ የጫረው የሚመስል ሌላ ልጅ ደግሞ የተነቀለው አረም ዳር ላይ ተከምሮ ሲቀር ሐይቁ በክረምት ሞልቶ መልሶ እንደሚወስደው፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይ፣ ስለዚህ ነቅሎ መተው እንደማያዋጣ ምክንያቱን ከውጤቱ አያይዞ ጻፈ። 10 አገኘ፦ 4፣ 3፣ 3። ሣጥን በሣጥን ብታዩት የእሷ ይዘት 2፣ አደረጃጀት 3፣ ቋንቋ 6 ሆኖ 11 በሆነ፤ የእሱ ደግሞ 7፣ 5፣ 3 ሆኖ 15። የእጅ ጽሑፍ ከሦስቱ ሣጥኖች በአንዱም የለም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ታዲያ መምህሩ በሦስቱም ሣጥኖች ውስጥ አስገብተው ክፍተቱን ሞሉት እንጂ ምን አጠፉ?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 (እ.ኤ.አ.) መኮንኖች ወታደሮቻቸውን ሲመዝኑ ቁመናው ያማረውን በብልህነቱም በጠባዩም ከፍ አድርገው እንደሚሰጡት አይቶ፣ ነገሩን «ስሕተት» ብሎ ጻፈው። ምቀኛ!

የመምህሩን ጥበብ ማየት የሚሻ የውጤት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ይቃኝ። ሦስቱ ዓምዶች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ በአንዱ ጎበዝ በሌላው ደካማ የሆነ ተማሪ አንድም የለም። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ክፍል የት ይገኛል?

በእርግጥ ሥራ የሚያበዙ አራሚዎችም አሉ። ስም ይሸፍናሉ፤ የክፍሉን ወረቀት በሙሉ ለይዘት ብቻ ያነቡና ነጥቡን በሌላ ወረቀት ላይ ይይዛሉ፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉን በውዘው ለአደረጃጀት እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ ለቋንቋ ሦስተኛ ዙር። ማኪያቶ ስንት ጊዜ ሊታዘዝ ነው!

ያ ልጅ ቅሬታ ይዞ መጣ። መምህሩ ደግ ናቸውና ወዲያው 2 ነጥብ ጨመሩለት።

«መምህር፣ የትኛው ላይ ነው የጨመሩልኝ?»

«ድምሩ ላይ ነዋ!»

4፣ 3፣ 3፤ ድምር 12።