የዘገየው ታብሌት ምን ይዞ ይመጣል?

«ሁለት ሲስተሞች አንድ መዝገብ ላይ ከጻፉ የመጨረሻውን መያዝ አይበቃም? ቀላሉ እሱ ነው።» ይህን የጠየቀኝ የጤና መረጃ ሶፍትዌር የሚሠራ ባልደረባዬ ነው።

ቀላልነቱን አልክድም፤ ለታካሚ መዝገብ ግን አይበቃም እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚያጠፋውን መረጃ ማንም ሳያውቅ ያጠፋል። የአንዲት ነፍሰ ጡር እናት መዝገብ በጤና ኬላው ታብሌትና በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ አለ እንበል። ማለዳ ሁለቱ የያዙት ቅጂ አንድ ነው፤ የአለርጂው ፊልድም ባዶ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ኔትወርክ በሌለበት መንደር የእናቲቱን አዲስ ስልክ ቁጥር ትመዘግባለች። 5 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ እናቲቱ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለባት ትጽፋለች። 10 ሰዓት ላይ ታብሌቱ ኔትወርክ ያገኝና መዝገቡን በሙሉ ይልካል። ሰርቨሩ ዘግይቶ የደረሰውን የሚያጸና ከሆነ የታብሌቱ ባዶ ፊልድ የነርሷን ጽሑፍ ይደመስሰዋል፤ በተጻፈበት ሰዓት የሚዳኝ ከሆነ ደግሞ የነርሷ ቅጂ ይጸናና አዲሱ ስልክ ቁጥር ይጠፋል። በሁለቱም መንገድ ስህተት ያልሠራ ሰው ሥራ ይባክናል፤ ስክሪኑ ላይም ምንም ማስጠንቀቂያ አይወጣም።

በተጻፈበት ሰዓት መዳኘት እኛ አገር ተጨማሪ ጣጣ አለው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የታብሌቱን ሰዓት በእጁ 3:00 AM ብሎ የሚሞላ ሰው ለእሱ ልክ ነው፤ ለሲስተሙ ግን ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ታብሌቱ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለቀረ፣ አሁን የጻፈው ነገር ባለፉት 6 ሰዓታት ሌላው ከጻፈው ጋር ሲገናኝ ይሸነፋል። 3:00 PM ብሎ ከሞላው ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ከእሱ በኋላ በትክክል የተጻፈውን ሁሉ ለ6 ሰዓታት ያሸንፋል። ይህን ማወቅ አያስቸግርም፦ ታብሌቱ ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘ ቁጥር የሁለቱን ሰዓት ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት አካባቢ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ለመሆኑ ብዙ አልጠራጠርም።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው በየፊልዱ ማዋሐድን ነው። ለዚህ ግን ሁለቱን አዲስ ቅጂዎች ጎን ለጎን ማየት አይበቃም። በአንዱ ባዶ፣ በሌላው «ፔኒሲሊን» የሚል ፊልድ ሲገጥመን አንዱ አጥፍቶት ይሁን ሌላው ጨምሮት ልንለይ የምንችለው ሁለቱም የተነሡበትን የማለዳውን ቅጂ ካስቀመጥን ብቻ ነው። ከዚያ ቅጂ ጋር ስናነጻጽር ታብሌቱ የቀየረው ስልኩን ብቻ፣ ነርሷ የቀየረችውም አለርጂውን ብቻ መሆኑ ይታያል፤ ሁለቱም ይጸናሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ካሳንድራ የተባለው ዳታቤዝ እያንዳንዱን ፊልድ በራሱ የጊዜ ማኅተም ይዳኛል፤ ነገር ግን አፕሊኬሽኑ «አስቀምጥ» በተባለ ቁጥር ያልተነካውንም ፊልድ አብሮ የሚጽፍ ከሆነ ሁሉም አዲስ ማኅተም ስለሚያገኝ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስን ማለት ነው።

በየፊልዱ ማዋሐድም ወሰን አለው፤ ወሰኑ ደግሞ አደገኛ ነው። የአንድ ሕፃን ክብደት በስህተት 14 ኪሎ ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። ባለሙያዋ በታብሌቱ ላይ ወደ 11 ኪሎ ታርመዋለች፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም 14 ኪሎውን አይቶ፣ በኪሎ 15 ሚሊግራም ሒሳብ፣ 210 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ያዛል። የተነኩት ፊልዶች የተለያዩ ስለሆኑ ማዋሐጃው ግጭት አያይም፤ ውጤቱ ግን 11 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን የ14 ኪሎ መጠን ነው፤ በዚያው ሒሳብ የሚገባው 165 ነበር። ሁለቱም ሰዎች ያልጻፉት መዝገብ ተፈጠረ።

ስለዚህ አብረው የሚቆሙ ፊልዶች፣ ማለትም ክብደት፣ የተመዘነበት ቀንና የመድኃኒት መጠን፣ እንደ አንድ አካል መቆጠር አለባቸው። ሁለቱም ወገኖች ከመካከላቸው የትኛውንም ከነኩ፣ የነኩት ፊልድ የተለያየ ቢሆንም፣ ማሽኑ አሸናፊ አይምረጥ፤ ሁለቱን ቅጂዎች ከጸሐፊዎቹና ከሰዓታቸው ጋር ለሐኪሙ ያሳይ፣ እስኪወሰንም መጠኑ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይታይ። የቡድኑን ዝርዝር ማውጣት የፕሮግራመር ብቻ ሥራ አይደለም፤ ክብደት ሲቀየር የትኛው ቁጥር አብሮ እንደሚቀየር የሚያውቀው መድኃኒቱን የሚያዘው ሰው ነውና።

የባልደረባዬ ዘዴ ቦታ የለውም አልልም። የታብሌቱ የባትሪ መጠን ወይም የክትባት ማቀዝቀዣው የአሁኑ ሙቀት፣ አዲሱ ንባብ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ የሚተካበት ስለሆነ፣ ከአንድ መሣሪያ ብቻ እስከመጣ ድረስ የመጨረሻው ይያዝ። በእናቲቱ መዝገብ ላይ ግን የተሸነፈው ቅጂ እንኳ መሰረዝ የለበትም። በየሳምንቱ ከዚያ ክምችት ውስጥ ጽሑፍ የነበረባቸውንና ማንም ሳያጠፋቸው ባዶ የሆኑትን ፊልዶች መፈለግ ይቻላል፤ እኔ ፍለጋውን የምጀምረው ከአለርጂው ፊልድ ነው።