መምህሩ ይዞራል እንጂ አይናገርም

«አንተ ልጅ፣ የላክህልኝ ስብከት እኮ ይዞራል ይዞራል እንጂ አይናገርም፣ ፓኬጄን በላው!» አለችኝ አክስቴ ከገጠር ደውላ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ቪዲዮ ኤዲት የማደርገው እኔ ነኝ፣ እና እንደ ብዙዎቻችን ኤክስፖርት ላይ ስደርስ ሶፍትዌሩ ያስቀመጠልኝን ሳልነካ ዝም ብዬ እለቅ ነበር። የዛ ስብከት ርዝመት 40 ደቂቃ ነው፣ ጥራቱ 720፣ ቢትሬቱ፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚፈጀው ዳታ፣ ደሞ 5 ሜጋቢት። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 40 ደቂቃ 2400 ሰከንድ ነው፣ በ5 አባዝተህ፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 ስታካፍለው 1500 ሜጋባይት ይመጣል። አንድ ጊጋ ተኩል ማለት ነው! ለምን? አንድ ሰው ቆሞ እያስተማረ።

እዚህ ጋ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፣ «ዩቲዩብ ላይ ጫነው፣ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል» ይሉኛል። እውነት ነው 144 ድረስ ይወርዳል፣ ግን እኛ ስክሪኑ ግርጌ ላይ በቀጭን ፊደል የምንለጥፈው ጥቅስ 144 ላይ ጉንዳን ነው የሚመስለው። ከዛ ደሞ የገጠሩ ሰው አንድ ጊዜ አውርዶ ለጎረቤቱ በብሉቱዝ ወይ በሚሞሪ ካርድ ነው የሚያቀብለው፣ ሊንክ ለዚህ አይሆንም፣ በእጅ የሚተላለፍ ፋይል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዋናውን ለማህደር አስቀምጬ ሁለተኛ ቀለል ያለ ኮፒ ማውጣት ጀመርኩ፣ ኮምፒውተር ላይ ffmpeg በሚባል ፕሮግራም፣ በዚህች መስመር፦

```
ffmpeg -i sibket.mp4 -vf "hqdn3d,scale=-2:360" -c:v libx264 -preset slow -crf 28 -maxrate 250k -bufsize 500k -pix_fmt yuv420p -c:a aac -ac 1 -b:a 48k -movflags +faststart sibket_360.mp4
```

ምስሉ 360 ይሆናል፣ ቢትሬቱ በአማካይ ከ250 ኪሎቢት እንዳያልፍ ይታሰራል፣ ድምፁ ሞኖ 48 ኪሎቢት ነው፣ ለንግግር ከበቂ በላይ። ያው 40 ደቂቃ ቢበዛ 90 ሜጋ አካባቢ ነው የሚወጣው። መጨረሻ ላይ ያለችው faststart ደሞ የፋይሉን ማውጫ ከጭራው ወደ ፊት ታመጣዋለች፣ እሷ ከሌለች ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ሙሉ በሙሉ ካልወረደ መጫወት አይጀምርም፣ የአክስቴ «ይዞራል» ግማሹ ይሄ ነበር። አንዳንዱ ኤዲተር ፋይሉ ይበልጥ እንዲያንስ ብሎ H.265 በሚባለው አዲሱ የቪዲዮ መጨመቂያ ያወጣል፣ ማነሱስ ያንሳል፣ ግን አሮጌ ስልክ ላይ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ እኔ ለዛ ነው በH.264 የቆየሁት።

ግን ኤክስፖርቱ ብቻውን አያድንም፣ ቢት የሚበላው እንቅስቃሴ ነው። ከመምህሩ ኋላ የምንለጥፈው የሚንቦገቦግ ብርሃን፣ የሚበር ብናኝ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ለመምህሩ ፊት የሚገባውን ቢት ይወስድበታል፣ ፊቱ ካሬ ካሬ ሆኖ ይቀራል፣ የሚሽከረከር መስቀል ያለበት የ40 ሰከንድ መግቢያም (እኔም ሰርቼዋለሁ፣ ኮርቼበትም ነበር) ሜጋ በከንቱ ይበላል። ጨለማ ቤተ መቅደስ ውስጥ በሻማ ብርሃን ሲቀረጽም ካሜራው የሚፈጥረው ጉርብጥብጥ ነገር እንደዛው ነው፣ hqdn3d እሱን ነው የሚያለሰልሰው። ኋላውን የማይንቀሳቀስ መጋረጃ አድርጉት፣ ጥቅሱን በትልቁ ጻፉ፣ መግቢያውን ቁረጡት።

ማኅሌት ላይ ግን ይሄ ሁሉ አይሰራም። ነጭ የለበሱ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ሲወዛወዙ፣ መቋሚያው ሲነሳ፣ የዕጣኑ ጭስ ሲጨመርበት 250 ኪሎቢት ይፈርሳል፣ ጭሱም ደረጃ ደረጃ ሰርቶ ይታያል። ቢትሬቱን ወደ 600 ብታሳድገው 40 ደቂቃው 200 ሜጋ ሊጠጋ ነው፣ ድምፁም ከበሮና ጸናጽል ስላለበት በ48 ይታፈናል። እኔ እዚህ ላይ ሙሉውን በድምፅ ብቻ በ64 ኪሎቢት አወጣዋለሁ፣ 20 ሜጋ ገደማ ነው፣ ከሱ ጋር የወረቡን 3 ደቂቃ በቪዲዮ እልካለሁ። ወንድሞች «ማኅሌት ካልታየ ምኑን ማኅሌት ሆነ» ብለው ተቆጥተውኛል፣ እኔ ግን የተበጣጠሰ ምስል ከማሳይ ጥርት ያለ ዜማ ባሰማ ይሻለኛል።

ከመልቀቄ በፊት አሁን የምሞክረው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን የእናቴ አሮጌ ስልክ ላይ ነው፣ ክንዴን ዘርግቼ ጥቅሱ ካልተነበበኝ ተመልሼ ፊደሉን አሳድጋለሁ። ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ ደሞ ከስሙ ቀጥሎ «90 ሜጋ» ብዬ እጽፍበታለሁ፣ 100 ሜጋ ብቻ የቀራት ሰው ከመንካቷ በፊት እንድታውቅ። አክስቴ ባለፈው ከሱ በታች የድምፅ ብቻውን ኮፒ አይታ «ይቺን 14 ሜጋዋን ነው የምወስደው፣ መምህሩን እንደሆነ መልኩን አውቀዋለሁ» አለችኝ።